የሽንት ቤት ክዳን ቡሎን አልፈታ ሲል

[ምስል፦ ከሸክላው ሥር፣ ዝገት የበላው ዳዶ]

ክዳኑን ለመቀየር የሚፈቱት ሁለት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። ጭንቅላታቸው ከላይ፣ ማጠፊያው ላይ ነው፤ ዳዶዎቹ ደግሞ ከሸክላው ሥር ተደብቀዋል።

መጀመሪያ አቅጣጫውን አጣሩ። «አልፈታ አለ» የሚባለው ዳዶ አንዳንዴ እየጠበቀ ያለ ነው። ከሥር ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት ወደ ግራ የሚፈታው ዳዶ፣ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው።

ቡሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ ከዞረ ጭንቅላቱን ከላይ በካቻቢቴ ያዙና ዳዶውን ከሥር በፒንሳ አዙሩ። ብረት ከሆነ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፤ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ንፉበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ካልሆነ ሌሊቱን ይደር። ፕላስቲክ ላይ ግን ስፕሬይ አታባክኑ፤ የሚላቀቅ ዝገት የለውም። የካቻቢቴው ቦይ አንዴ ከተላጠ ሌላ ሙከራ ሳያስፈልግ ወደ መቁረጥ ሂዱ።

[ምስል፦ ምላጩ በማጠፊያውና በሸክላው መካከል]

የሴጌቶው እጀታ እዚህ ቦታ አይገባም። ምላጩን ብቻ አውጡና አንዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ሸክላው ላይ፣ በቡሎኑ ዙሪያ፣ ሁለት ድርብ ፕላስተር ለጥፉ። የሽንት ቤቱን አፍም በጨርቅ ሸፍኑ፤ ቁራጭ ከገባ ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ነው።

ምላጩን ከማጠፊያው ሥር አጋድማችሁ አስገቡ። የምላጩ ጥርስ ወደ እናንተ ይዙር፤ ማለትም ሲሳብ ይቁረጥ። እጀታ የሌለው ምላጭ ሲገፋ ይጎብጣል፤ ሲሳብ ግን ቀጥ ይላል። መጀመሪያ የሚቆረጠው ጎማው ወይም የፕላስቲክ ራንዴላው ነው፤ ቡሎኑ ጋ ስትደርሱ የምላጩ ድምፅ ይለወጣል። ፕላስቲክ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ብረቱ እጅ ያደክማል፤ ጠብታ ዘይት እያደረጋችሁ ቀስ በሉ። ሊያልቅ ሲል ዳዶውን ከሥር በእጅ ደግፉ።

ፕላስቲኩ ሁለት ሦስተኛው ከተቆረጠ ቀሪውን በፒንሳ መስበር ይቻላል። ብረቱን ግን ሸክላው ላይ ተደግፋችሁ ለመስበር አትሞክሩ፤ ሸክላ ግፊቱ አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ይሰነጠቃል። በመዶሻ መምታትና በእሳት ማሞቅም ያው ናቸው። ግራይንደርም አይመከርም፤ የብረቱ ፍንጣሪ የሸክላውን ልባስ ያበላሸዋል።

ፕላስተሩን ስትልጡ ሸክላው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ብታዩ አትደንግጡ፤ ስንጥቅ ላይሆን ይችላል። ምላጩ የተወው የብረት ምልክት ከሆነ በማጽጃ ዱቄት ሲታሽ ይለቃል። ከታሸ በኋላም ጥፍር ሲሄድበት የሚይዝ ከሆነ ግን ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው መሃል በሴንቲሜትር ለኩ። ሲገጠም የፕላስቲክ ዳዶውን በእጅ ካጠበቃችሁ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ።