የተዘጋውን ዘግቶ የተከፈተውን ማሳየት፦ የአቅራቢን ፕሮፖዛል ሳንቀበል ስንቀር የምንጽፈው ደብዳቤ

(በስክሪኑ ላይ አጭር ኢሜይል ይታያል፤ ተራኪው ቀስ ብሎ ያነበዋል።)

«ላቀረባችሁልን ፕሮፖዛል ከልብ እናመሰግናለን። በአሁኑ ጊዜ በሌላ አማራጭ ለመቀጠል ያሰብን ቢሆንም ሥራችሁን በጣም ወደነዋል። ሁኔታዎች ከተለወጡ እናሳውቃችኋለን።»

ይህን የጻፈው የግዥ ባለሙያ እምቢታውን በጨዋ ቋንቋ የተናገረ መስሎታል። የተቀበለው አቅራቢ ግን ያነበበው ሌላ ነው። «በአሁኑ ጊዜ» የሚለውን «ትንሽ ታገሡ» ብሎ፣ «ያሰብን ቢሆንም» የሚለውን «ገና አልወሰንም» ብሎ፣ «ሁኔታዎች ከተለወጡ» የሚለውን ደግሞ «ዋጋ ብትቀንሱ እንነጋገራለን» ብሎ ይተረጉመዋል። በማግስቱ ቅናሽ ያለበት አዲስ ዋጋ ይልካል፤ ለሥራው ያዘጋጃቸውን ሁለት ቴክኒሻኖችም ሌላ ቦታ ሳይመድብ ያቆያቸዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሉ ከሌላ ድርጅት ጋር መፈረሙን ከሰው ሲሰማ፣ ቅር የሚለው ሥራውን በማጣቱ ሳይሆን በከንቱ በመጠበቁ ነው። በሩን ክፍት ለማድረግ የተጻፈው ደብዳቤ በሩን የዘጋው በዚህ መንገድ ነው።

ስህተቱ የሚመነጨው ከክፋት ሳይሆን ከይሉኝታ ነው። ጸሐፊው እምቢታውን ለማለስለስ ብሎ ውሳኔውን ራሱን አለዘበው። በዚህ ቪዲዮ የምናሳየው ሁለቱን መለየት እንደሚቻል ነው፤ ይህን ፕሮፖዛል የሚመለከተው ነገር ፈጽሞ ይዘጋል፣ ክፍት የሚሆነው ሌላ፣ በስም የሚጠራ ነገር ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ «ጉዳዩ»)

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ አከፋፋይ ድርጅት የመጋዘኑን ዕቃ የሚቆጣጠርበት ሶፍትዌር ለመግዛት ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፖዛል ተቀበለ እንበል። የሚሠራበት የቀድሞ ሶፍትዌር ፈቃድ በ8 ሳምንት ውስጥ ያበቃል። ሁለተኛ የወጣው አቅራቢ ሥርዓት ጥሩ ነው፤ በተለይ የዕቃ ቆጠራው ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን ተከላውና የመረጃ ዝውውሩ 14 ሳምንት እንደሚፈጅ በፕሮፖዛሉ ተጽፏል፤ የድጋፍ አገልግሎቱም በቀን የሥራ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ መጋዘኑ ሌሊትም ዕቃ ያወጣል። ድርጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ መጋዘን የመክፈት ዕቅድ አለው፤ ለዚያ ሥራ ይህን አቅራቢ በእርግጥ መጋበዝ ይፈልጋል።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ናት። በሩን ክፍት እናደርጋለን ከማለታችን በፊት ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ማወቅ አለብን። ምንም ከሌለ፣ አመስግኖ መሰናበት ብቻውን የተሟላና የተከበረ መልስ ነው፤ ባዶ ተስፋ መጨመር አያስፈልግም።

ደብዳቤው መቼ ይላክ? በግል ድርጅት ግዥ የተለመደው፣ አሸናፊው ውሉን ከፈረመ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መላክ ነው። ከፊርማው በፊት አሸናፊው ሐሳቡን ቢለውጥ ወይም በውሉ ቃላት ላይ ስምምነት ቢታጣ፣ ድርጅቱ ወደ ሁለተኛው ይመለሳል፤ አሰናብቶት ከሆነ ግን ሊያፍርም ሊቸገርም ይችላል። ይህ ማለት ግን አቅራቢው እስከዚያ ድረስ በዝምታ ይቆይ ማለት አይደለም። ውሳኔው በዚህ ቀን ይታወቃል ተብሎ ከተነገረውና ቀኑ ካለፈ፣ ግምገማው እንዳልተጠናቀቀና አዲሱ ቀን መቼ እንደሆነ በሁለት መስመር መጻፍ ይገባል። ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ ለምሳሌ 60 ቀን ከሆነ፣ ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ እንዲያራዝም በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አቅራቢው በቃኝ የማለት መብት አለው። በመንግሥት ግዥ ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ እንደሆነም ልብ ይሏል፤ ያልተመረጡት ቅሬታ ማቅረብ እንዲችሉ ውጤቱ የሚነገራቸው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ በዚያ ላይ የምንከተለው የግዥ መመሪያውን እንጂ ይህን ቪዲዮ አይደለም።

(በስክሪኑ ላይ ደብዳቤው በሙሉ ይታያል፤ የሚነበበው አንቀጽ በተራው ይደምቃል።)

«ለመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ያቀረባችሁትን ፕሮፖዛል ገምግመን ጨርሰናል። ለዚህ ሥራ ሌላ አቅራቢ መርጠን ውል ስለፈረምን፣ የእናንተን ፕሮፖዛል እንዳልተቀበልን በአክብሮት እንገልጻለን።

ለውሳኔያችን ምክንያት የሆኑት ሁለት ነጥቦች ናቸው። ሥራው በ8 ሳምንት ውስጥ መጀመር ሲኖርበት በፕሮፖዛላችሁ የተመለከተው የተከላ ጊዜ 14 ሳምንት ነው። በተጨማሪም የሌሊት ፈረቃችን የሚፈልገው የድጋፍ አገልግሎት በፕሮፖዛላችሁ አልተካተተም። የዕቃ ቆጠራው ክፍል አሠራር ግን ከቀረቡልን ሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ለሁለተኛ መጋዘናችን ተመሳሳይ ግዥ ለማካሄድ ዕቅድ አለን። ዕቅዱ ገና ያልጸደቀ በመሆኑ ይህ የሥራ ቃል ኪዳን አይደለም፤ ግዥው ሲወጣ ግን የግብዣ ደብዳቤ እንልክላችኋለን። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ማብራሪያ ከፈለጋችሁ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት በስልክ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።»

የመጀመሪያውን አንቀጽ እንመልከተው። ውሳኔው የተነገረው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ውል ስለፈረምን» የሚለው ቃል ደግሞ ከረጅም ማስተዛዘኛ ይልቅ ለአቅራቢው ይጠቅመዋል፤ ቴክኒሻኖቹን ወዲያው ወደ ሌላ ሥራ ማሰማራት ይችላልና። ምስጋናው ከመጀመሪያው መስመር የቀረው በስህተት አይደለም። በሦስት መስመር ምስጋና የሚጀምር ደብዳቤ ገና ሳይነበብ መጨረሻው ይታወቃል፤ ምስጋናው ስለ ቆጠራው ክፍል በተነገረው ቁም ነገር ውስጥ ቢገለጽ ይሻላል። ያም ቢሆን እውነት ከሆነ ብቻ ነው፤ ያልወደድነውን አድንቀን ብንጽፍ አቅራቢው በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ አጉልቶ ይዞልን ይመጣል።

በሁለተኛው አንቀጽ ምክንያቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከራሱ ከአቅራቢው ፕሮፖዛል የተወሰዱና የሚለኩ ናቸው። «የተሻለ አቅም ያለው አቅራቢ አግኝተናል» ቢባል አቅራቢው የሚያሻሽለው ነገር አያገኝም፤ ክርክር ግን ያነሣል። 14 ሳምንት ለ8 ሳምንት እንደማይሆን ግን ማንም አይከራከርበትም። ከዚህም በላይ፣ የሌሊት ድጋፍ እንደሚያስፈልግ የሰማ አቅራቢ በዓመቱ ተዘጋጅቶ ሊመጣ ይችላል፤ በእኔ አስተያየት በሩን በትክክል የሚከፍተው ሦስተኛው አንቀጽ ሳይሆን ይኸው ነው። የአሸናፊው ስም፣ ዋጋና የግምገማ ነጥብ ግን በደብዳቤው ውስጥ የሉም። ሌላው ተወዳዳሪ ዋጋውን የሰጠን አምኖን ነው፤ ዛሬ የሌላውን ዋጋ የነገርነው አቅራቢም ነገ የእሱን ዋጋ ለሌላ እንደምንነግርበት ይገባዋል።

የሦስተኛው አንቀጽ ጥንካሬ ወሰኑን ራሱ በማስቀመጡ ላይ ነው። ቃል የተገባው ግብዣው እንጂ ሥራው አይደለም። ጸሐፊው በሥልጣኑ ሊፈጽመው የሚችለውን ብቻ ነው የጻፈው፤ «ለሁለተኛው መጋዘን ቅድሚያ እንሰጣችኋለን» ቢል ኖሮ፣ ያልጸደቀ ዕቅድን እንደ ውለታ ሰጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች አስቀድሞ በደለ ማለት ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ ስልክ ይጠራል።)

ደብዳቤው በደረሰ ማግስት አቅራቢው ደውሎ እንዲህ ማለቱ የተለመደ ነው፦ «የጊዜው ጉዳይ ከሆነ ተጨማሪ ሰው መድበን በ9 ሳምንት እንጨርሳለን፤ ዋጋውንም እንነጋገርበታለን።» እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይፈተናል፤ «እስቲ ልኩልኝና አያለሁ» ማለት ስልኩን ቶሎ ለመዝጋት ይቀላልና። ነገር ግን ያች አንድ ሐረግ ደብዳቤውን እንዳልተጻፈ ታደርገዋለች። ተገቢው መልስ የሚከተለውን ይመስላል፦ «ውሉ ስለተፈረመ የተሻሻለ ፕሮፖዛል ብንቀበል ጊዜያችሁን ማባከን ይሆናል። የ9 ሳምንቱን ጉዳይ ግን እንዴት ልታሳኩት እንዳሰባችሁ ብትነግሩኝ፣ ለሁለተኛው መጋዘን የሚጠየቀውን የጊዜ ሰሌዳ ስናዘጋጅ ይጠቅመናል።» መልሱ ዛሬ የቀረበውን አይቀበልም፤ ያቀረበው ሰው ግን አዋቂ መሆኑን ያከብራል።

ያልተቀበልንበት ትክክለኛ ምክንያት ዋጋ ብቻ ከሆነስ? ያንኑ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን «ዋጋችሁ ከፍ አለብን» ብሎ ማቆም የቅናሽ ጥሪ ይሆናል። «ውሳኔው የተሰጠው በመዝጊያው ቀን በቀረቡት ዋጋዎች ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ ማሻሻያ አይታይም» የሚል ዓረፍተ ነገር መጨመር ይህን ይከላከላል። በስብሰባ ላይ ዋጋ ተወዶብናል ብለን፣ በደብዳቤው ጊዜውን ሰበብ ማድረግ ግን አይገባም፤ አቅራቢው ጊዜውን አሳጥሮ፣ ዋጋውን እንደነበረ ይዞ ይመለሳልና።

ከደብዳቤው በኋላ የሚቀር አንድ ጉዳይ አለ፤ ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አቅራቢው ከፕሮፖዛሉ ጋር የቆጠራውን የሥራ ፍሰት የሚያሳይ ሥዕል አያይዞ ነበር እንበል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሥዕሉን ስለወደደው ለአሸናፊው ልኮ «እንደዚህ አድርጉልን» ይላል። ኃላፊው ያደረገው እንደ ነውር አይታየው ይሆናል፤ ነገር ግን ሥዕሉ የድካም ውጤት ነው፣ ብዙ ፕሮፖዛሎችም ለሌላ ወገን እንዳይተላለፉ በግልጽ ይከለክላሉ። የአንድ ዘርፍ ቴክኒሻኖች ደግሞ ይተዋወቃሉ፤ ወሬው አቅራቢው ዘንድ ከደረሰ፣ የቱንም ያህል ያማረ ደብዳቤ ቢጻፍ አይመልሰውም። ስለዚህ ደብዳቤው በሚላክበት ቀን ፕሮፖዛሉን ላዩት የሥራ ባልደረቦች ሁሉ፣ ሰነዱ ለመዝገብ ብቻ እንደሚቀመጥ በአንድ መስመር ማሳወቅ፣ ለሙከራ የተከፈተልንን የተጠቃሚ መለያ እንዲዘጋ መጠየቅ፣ ያስገባነው የሙከራ መረጃም እንዲሰረዝ ማድረግ ያስፈልጋል።

በመዝገቡ ውስጥም የደብዳቤው ቅጂ ብቻ አይበቃም። ሁለቱ ምክንያቶች፣ በስልክ የተነገረው የ9 ሳምንት ሐሳብና የተገባው የግብዣ ቃል በአንድ ገጽ ተጽፈው መቀመጥ አለባቸው፤ በዓመቱ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ሥራ ቀይሮ ሊሆን ይችላልና። ዕቅዱ የሚጸድቅበት ወር ሲደርስ የሚያስታውስ ቀጠሮ በግዥ ክፍሉ የጋራ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይያዛል።

(በስክሪኑ ላይ፦ የቀን መቁጠሪያ፤ ከዓመት በኋላ።)

የሁለተኛው መጋዘን ዕቅድ ሳይጸድቅ ቢቀርም ያ ቀጠሮ ሥራ አለው። ያን ዕለት ለአቅራቢው የሚላከው መልእክት ከሁለት መስመር አይበልጥም፦ «ባለፈው ዓመት የጠቀስንላችሁ የሁለተኛው መጋዘን ዕቅድ ለዚህ ዓመት አልጸደቀም። በዚህ ምክንያት ግዥው ስለማይወጣ ግብዣ እንዳትጠብቁ ልናሳውቃችሁ ወደድን።»