«ዝጋው» ሲል የቱን ነው?

ሰላም ናችሁ ወይ ጎበዝ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ውጭ ባጃጅ ይጮሃል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አንድ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ መመሪያ እንዳርም ተሰጥቶኝ ነበር። ጉድጓዱ ታች ነው፣ ጋኑ ደግሞ 80 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ። የወሎን መሬት ለሚያውቅ ይሄ ብርቅ አይደለም። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ገደማ ግፊት ስለሚሆን፣ ውሃው ሳይንቀሳቀስ እንኳን የግፊት መለኪያው፣ ማለትም ጌጁ፣ ወደ 8 ባር ያሳያል ማለት ነው። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ፓምፑ ከተነሳ በኋላ ቫልቩን ቀስ ብለህ ክፈት፤ ጌጁ ከ10 ባር ካለፈ ወዲያው ዝጋው።»

ዓረፍተ ነገሩን ፓምፕ ቤቱን ለሚጠብቁት ጋሼ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ዝጋው ያለው የቱን ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። «ዝጋው» ላይ ያለችው «ው» ወደ ኋላ የምትጠቁም ናት፤ ከኋላዋ ደግሞ ጌጁ፣ ቫልቩና ፓምፑ ተሰልፈዋል። ሶስቱም «እሱ» ናቸው፣ በጾታ እንኳን አይለዩም። ቅርቡ ጌጁ ነው፤ ጌጅ ግን አይዘጋም። ስለዚህ አንባቢው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቫልቩን ያገኛል። ፓምፕም ቢሆን እኛ ሰፈር «ዝጋው» ይባላል፣ ልክ እንደ ቴሌቪዥን።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩማ ጌጁ የተገጠመው በፓምፑና በቫልቩ መሃል ነው። ግፊቱ 10 ባር ካለፈ፣ ምናልባት ከቫልቩ ወዲያ የሆነ ነገር መንገዱን ዘግቶታል። በዚህ ሰዓት ፓምፑ እየሰራ ቫልቩን ከዘጋህ ግፊቱ አይቀንስም፣ ይብስበታል! እንዲህ ዓይነት ፓምፕ ውሃ መሄጃ ሲያጣ ነው ከፍተኛ ግፊቱን የሚያሳየው። ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ሞተር ደግሞ የሚቀዘቅዘው አጠገቡ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ሲቆም ይግላል፤ ቶሎ ካልጠፋ ሊቃጠል ይችላል። ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ፓምፑን አጥፋ» ነበር።

የሚገርመው፣ ጋሼ በየቀኑ ፓምፑን ሲያቆሙ መጀመሪያ የሚዘጉት ቫልቩን ነው። ቀስ ብለው ዘግተው ወዲያው ሞተሩን ያጠፋሉ፤ ውሃው በድንገት ቆሞ ቧንቧውን እንዳይመታው። ስለዚህ እጃቸው የለመደው ቫልቩን ነው። ያቺ አንድ ፊደል እሳቸውን የምትልካቸው ወደ ለመዱት ነው፣ በዚያች ሰዓት ግን የሚፈለገው ተቃራኒው።

እዚያው መመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ አለ፦ «ቫልቩን በመዝጋት ፓምፑ ይጠፋል።» ይቺ ደህና ትመስላለች፤ በየሪፖርቱ የምናያት ናት። ግን ቫልቩን የሚዘጋው ማነው? «በመዝጋት» ባለቤት የለውም፣ ተንጠልጥሎ ነው የቀረው። እንደ ሰዋስው ከሄድን የሚዘጋው ፓምፑ ራሱ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ግን፣ ቫልቩ ሲዘጋ ፓምፑ በራሱ የሚጠፋ ያስመስላል። አንዳንድ ጣቢያ ላይ በእርግጥ እንዲህ የሚያደርግ አውቶማቲክ አለ፤ እዚህ ግን የለም። ይህን ያላወቀ አዲስ ሰራተኛ ቫልቩን ዘግቶ፣ ፓምፑ ራሱ ይጠፋል ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል።

«ቫልቩን ዘግቶ ፓምፑ ይጠፋል» ቢባልም አይድንም። «ዘግቶ» ቢያንስ አንድ «እሱ» ይዟል፤ ያ «እሱ» ግን ዋናው ግስ ላይ ሲደርስ የለም፣ ቦታውን ፓምፑ ወስዶታል። እኔ ሁለቱንም እንዲህ ቀየርኳቸው፦

«ኦፕሬተሩ ቫልቩን ቀስ ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያው በማብሪያ ሳጥኑ ፓምፑን ያጠፋል።»

«ጌጁ ከ10 ባር ካለፈ ኦፕሬተሩ ፓምፑን ወዲያው ያጠፋል። በዚህ ጊዜ ፓምፑ እየሰራ ቫልቩን አይዘጋም።»

«ፓምፑ፣ ፓምፑ እያልክ አሰለቸኸኝ» የሚለኝ አይጠፋም። ይሰልች! ደብዳቤ አይደለም የምንጽፈው። እንዲያም ሆኖ «እሱ»ን ሁሉ አላባርርም። «መክደኛውን አንሳና ጎን አስቀምጠው» ላይ ማንም አይሳሳትም፣ ያለው ዕቃ አንድ ነው። «ኦፕሬተሩ ጓንት አድርጎ ሳጥኑን ይከፍታል» የሚለውም ደህና ነው፤ ጓንት ያደረገውና ሳጥኑን የሚከፍተው አንድ ሰው ነው። የምፈራው ሁለት ዕቃ እያለ አንድ «ው» ሳይ ነው፣ ወይም «በማድረግ» ቀድሞ መጥቶ ከኋላው «ይደረጋል» ሲከተል።

ሌላም አለ፣ «የተበላሸው የፓምፑ ሞተር መቆጣጠሪያ» የሚል። ምኑ ነው የተበላሸው? ፓምፑ፣ ሞተሩ ወይስ መቆጣጠሪያው? መለዋወጫ የሚገዛው ልጅ ደሴ ወጥቶ ሞተር ይዞ ቢመጣ አልፈርድበትም። «መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ ሞተሩና ፓምፑ ደህና ናቸው» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር።

የታረመውን ይዤ ጋሼ ጋ ተመለስኩና፣ ሳነብ እያንዳንዱን ዕቃ በጣታቸው እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ሁሉንም አሳዩኝ፤ «ማብሪያ ሳጥኑ» ላይ ብቻ ቆም አሉ። ግድግዳው ላይ ሁለት ሳጥን አለ ለካ። ነገ ቁጥር እንጽፍባቸዋለን፣ መመሪያውም «ሳጥን 1» ይላል።