መዝሙር 118ን በቃል መያዝና ሳያዳሉ መፈተን

[ምስል፦ ደሴ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል። ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስ።]

መዝሙር 118 ረጅም ነው፤ 176 ቁጥር። ግን ልጆቼን የሚያስቸግራቸው ርዝመቱ አይደለም፤ መመሳሰሉ ነው። ሕግህ፣ ትእዛዝህ፣ ሥርዓትህ፣ ምስክርህ፣ ፍርድህ... ልጁ እንደ ውሃ ሲያወርደው ቆይቶ አንዷን ቃል ሲስት ሌላ ቦታ ላይ ራሱን ያገኘዋል። ጎረቤታችን ያለው የቁርኣን ተማሪም ይህን ያውቀዋል። ከአር-ረሕማን 78 አያዎች 31ዱ አንድ ዓይነት ናቸው።

[ምስል፦ «አሌፍ»፣ «ቤት»፣ «ጋሜል» የሚሉት አርእስት በቅርብ።]

መዝሙሩ በ22 ፊደል ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ 8 ቁጥር ነው። በዕብራይስጡ ስምንቱም ቁጥር የሚጀምረው በዚያው ፊደል ነው። በአማርኛ የቀረልን ስሙ ብቻ ስለሆነ፣ መያዣውን ራሳችን እንሠራለን።

የአሌፍን ቁልፍ ቃላት በተርታ ጻፉ፦ ሕግ፣ ምስክር፣ መንገድ፣ ትእዛዝ፣ ሥርዓት፣ ትእዛዝ፣ ፍርድ፣ ሥርዓት። መጀመሪያ ይህችን ተርታ ያዙ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ በየቃሉ ላይ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ በሉ፤ የጠፋባችሁን ብቻ ከፍታችሁ እዩ። በማግስቱ አዲሱን ከመጀመር በፊት የትናንቱን ሳታዩ ድገሙ።

[ምስል፦ ቆብ ውስጥ የተጠቀለሉ ወረቀቶች።]

አሁን ፈተናው። እኔም በፊት «ከመጀመሪያው ጀምር» እል ነበር። ሁሉም አሌፍን ያውቃል፤ ሳምኬት ላይ ሳንደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ተራ የሚጠብቀውም ከፊቱ ካለው ይሰማል። (እኔን ያነቃኝ አንድ ጎበዝ ሰሚ ነው። ሳያጠና 18 ቁጥር አለልኝ!)

አሁን ቀጣይ ከሌለው ከመጨረሻው ከታው በስተቀር 21ዱን ፊደል ቆብ ውስጥ እጨምራለሁ። ተፈታኙ ብቻውን ይገባል፤ አንድ ያወጣል። ኖን ደረሰው እንበል። እኔ ቁጥር 105ን አነብለታለሁ፦ «ሕግህ ለእግሬ መብራት፥ ለመንገዴ ብርሃን ነው»። እሱ ከ106 እስከ 112 ይቀጥላል፤ ሳያቆም ሳምኬት ውስጥ 3 ቁጥር ይጨምራል። 10 ቁጥር፣ ከ20።

ያለ እርዳታ ከሆነ 2። ራሱን ካረመም 2 ነው። አንድ ቃል ካቀበልኩት 1፣ ካልመጣለት 0። ዝም ሲል 10 ሰከንድ እቆጥራለሁ፤ ማሰብ ስህተት አይደለም። አነጋገሩም ነጥብ አያስቀንስም። ቃል መለወጥ ግን ያስቀንሳል፤ ስለዚህ የምንይዘው የትኛውን እትም እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ይነገራል፤ አለዚያ አባቱ ቤት ያለውን መጽሐፍ ያጠናው ልጅ ይበደላል።

ባለፈው አንዷ ኖንን ጥርት አድርጋ ጨረሰች። 112 ላይ ስትደርስ ግን ገመዱ ተበጠሰ። 113 ጨርሶ አልመጣም፤ 114ን ቃል አቀብዬ አስጀመርኳት፤ 115ን ራሷ አለችው። 17 ከ20። ፊደሎቹን ለየብቻ ነበር ያጠናችው። ቤቷ ስትሄድ የሰጠኋት ሥራ አንድ ነው፤ የእያንዳንዱን ፊደል የመጨረሻ ቁጥር ከቀጣዩ የመጀመሪያ ቁጥር ጋር አያይዛ፣ 21ዱን መገናኛ ብቻ ማለት።