ከሌላ ፎቶ ቆርጠን ያወጣነው ሰው፦ ፈቃዱን የምንጠይቀው ከማን ነው?

የተከበራችሁ የጎንደር ፎቶ አንሺዎች፣ የስቱዲዮ ባለቤቶችና በኤዲቲንግ ሥራ የምትተዳደሩ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤

ዛሬ የምናገረው በየስቱዲዮአችን እየተደጋገመ ስለሚመጣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው፤ ይኸውም በቦታው ያልነበረን ሰው ከሌላ ፎቶ አውጥቶ በአዲስ ፎቶ ውስጥ ማቆም ነው። በሠርግ ፎቶ ላይ ያረፉ አባት፣ በቤተሰብ ፎቶ ላይ ውጭ አገር የምትኖር እህት፣ በምርቃት ፎቶ ላይ ከገጠር መምጣት ያልቻሉ እናት እንዲጨመሩልን እንጠየቃለን። አቆራረጡንና አቀናባበሩን እናንተ ታውቁታላችሁና ስለ እሱ አልናገርም። የምናገረው የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልገንና አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ ነው።

አንድ ትእዛዝ በምሳሌነት ልውሰድ። አባቷ ያረፉባት አንዲት ሙሽራ መጣች እንበል። በእጇ ያለው አባቷ በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ ዳር ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንድ ወዳጃቸው እጁን ትከሻቸው ላይ ጥሎ የተነሡት ፎቶ ነው። ፎቶውን ያነሣው ሌላ ባለሙያ ሲሆን፣ እሷ ያገኘችው እሱ በፌስቡክ ገጹ ላይ ከለጠፈው ነው። የምትፈልገው አባቷን ከዚያ አውጥተን በሠርጓ ፎቶ ላይ በቀኟ እንድናቆምላት፣ የሚቻል ከሆነም ጋቢው ቀርቶ ሱፍ እንድናለብሳቸው ነው። ጥያቄዋ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ወዲያው እሺ ማለት ይቀናናል። ነገር ግን በዚህ አንድ ትእዛዝ ውስጥ መብት ያላቸው ቢያንስ አራት ሰዎች አሉ፤ አንሺው፣ አባትየውና ቤተሰባቸው፣ እጁ ትከሻቸው ላይ ያለው ወዳጅ፣ እንዲሁም ሱፍ የለበሰ ገላው ከአንድ ቦታ የሚመጣው የማናውቀው ሰው።

ከአንሺው እንጀምር። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱም ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይቆያል። ሥራውን ማባዛትም ሆነ ቀይሮ ሌላ ሥራ ማድረግ የመብቱ ባለቤት ድርሻ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንሺው የሥራው አመንጪ እርሱ መሆኑ እንዲታወቅለትና ሥራው ስሙን በሚጎዳ መንገድ እንዳይዛባ የመጠየቅ የሞራል መብት አለው። ፎቶው ፌስቡክ ላይ መለጠፉ ሰው እንዲያየው የተደረገ ነው እንጂ ቆርጠን እንድንወስደው የተሰጠን ፈቃድ አይደለም።

አንሺውን መጠየቅ ለሥራው ጥራትም ይበጃል። ከፌስቡክ የምናገኘው ምስል ሰፊው ጎኑ 2048 ፒክስል ቢሆን፣ ቁመቱ 1365 ገደማ ይሆናል፤ አባትየው የፎቶውን ቁመት አንድ ሦስተኛ ይዘው ቆመው ከሆነ ለእርሳቸው የተረፈው 455 ፒክስል ብቻ ነው። ሙሽራዋ የምትፈልገው በ30 በ40 ሴንቲሜትር የሚታተም ፎቶ ከሆነ፣ በ300 ዲፒአይ 3543 በ4724 ፒክስል ያስፈልጋል፤ አባትየው የዚህን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ከያዙ ደግሞ ወደ 3150 ፒክስል ገደማ ይጠበቅባቸዋል። ሰባት እጥፍ ያህል ስናሳድጋቸው ፊታቸው ይደበዝዝና ዓይናቸውን፣ ጢማቸውን፣ የግንባራቸውን መስመር ከራሳችን እየፈጠርን መሙላት እንጀምራለን። ያን ጊዜ በፎቶው ላይ የቆሙት እርሳቸው መሆናቸው ያጠራጥራል። ለአንሺው ደውሎ ዋናውን ፋይል ከነፈቃዱ የጠየቀ ባለሙያ እዚህ ችግር ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው ባለመብት በፎቶው ላይ ያለው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የአንሺው ፈቃድ የተነሺውን ፈቃድ አይተካም። በ2007 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው ቨርጂን ሞባይል የአንዲት አሜሪካዊት ታዳጊ ምስል ፍሊከር ላይ ከተለጠፈ ፎቶ አውጥቶ ለማስታወቂያ ተጠቅሞበት ነበር። አንሺው ፎቶውን ያወጣው ስሙ እስከተጠቀሰ ድረስ ለንግድም ጭምር መጠቀም በሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነበርና በእርሱ በኩል በሩ ክፍት ነበር፤ ልጅቱን ግን የጠየቃት አልነበረም። ቤተሰቧ በቴክሳስ ክስ አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱ ኩባንያውን የመዳኘት ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ስለዘጋው የዋናው ጥያቄ መልስ በፍርድ አልተሰጠም። የአንሺ ፈቃድ ስለ ፎቶው እንጂ ስለ ተነሺው ፊት እንዳልሆነ ግን ጉዳዩ በግልጽ ያሳያል።

በእኛ አገር ይህ ጉዳይ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተደንግጓል። አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ አንዱ ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ሁኔታና ሥነ ሥርዓት ጋር ተያይዞ የወጣ እንደሆነ ነው። ጥምቀትን በመዋኛው ዳር የምናነሣ ሁሉ እያንዳንዱን ምእመን ሳናስፈርም የምንሠራው በዚህ መሠረት ነው።

እባካችሁ ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዋናነት ለእርሱ ነው። ሕጉ ፈቃድ ሳንጠይቅ እንድናወጣ የፈቀደልን በዓሉን ነው፤ ሰውየው በፎቶው ውስጥ የገባው የበዓሉ አካል ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ በመቁረጫው ስንዞረው መጀመሪያ የምናስቀረው ያንኑ በዓል ነው፤ ውሃውን፣ ሕዝቡን፣ ድባቡን አስቀርተን ሰውየውን ብቻ ይዘን እንሄዳለን። እኔ ሕጉን አንብቤ እንደምረዳው፣ በዓሉ ሲቀር ከበዓሉ ጋር የመጣው ነጻነትም አብሮ ይቀራል፤ ሰውየውም ወደ አንቀጽ 27 ጥበቃ ይመለሳል። በጥምቀት ቀን ነጭ ለብሳ እልል ስትል የተነሣች ወጣት የዚያ ቀን ታሪክ አካል ናት፤ ያችኑ ወጣት ቆርጦ በአንድ ሱቅ ባነር ላይ ማቆም ግን እርሷ ያላለችውን ቃል በአፏ ማድረግ ነው። ራሷ ፈቅዳ ተነሥታም ቢሆን የፈቀደችው ለዚያ ቦታና ለዚያ ቀን ነው፤ ከማን ጎን እንደምትቆም፣ ምን እንደሚጻፍባትና የት እንደምትሰቀል አልተጠየቀችም።

ወደ ሙሽራዋ አባት ልመለስ። እርሳቸውን መጠየቅ አይቻልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 30 የሞተ ሰው ምስል ክብሩን ወይም መልካም ስሙን በሚነካ መንገድ ሲወጣ ቤተሰቡ መብቱን እንዲያስከብር ይፈቅዳል፤ ልጅ አባቷን በሠርጓ ፎቶ ላይ ማኖሯ ክብራቸውን የሚነካ አይመስለኝም። ሆኖም ሙሽራዋ ብቻዋን ቤተሰቡ አይደለችም። እናቷና ወንድሞቿ ያውቁ እንደሆነ እንጠይቃት። ባላቸውን የቀበሩ እናት ሳይነገራቸው በአልበም ውስጥ ድንገት ቢያገኟቸው መጽናኛ ይሆናቸዋል ወይስ ቁስል ይቀሰቅስባቸዋል የሚለውን እኛ ልንወስን አንችልም። የሱፉ ጉዳይ የሚፈታውም በዚሁ ውይይት ነው፤ እናትየው «እሱ ሱፍ ለብሶ አያውቅም፣ በጋቢው ይሁን» ካሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ጋቢው ቢቀር ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በብዙ ስቱዲዮዎች ኮምፒውተር ውስጥ ጭንቅላት ብቻ የሚተከልባቸው ሱፍ የለበሱ ገላዎች አሉ፤ ከየት እንደመጡ የሚያስታውስ የለም። ያ ገላ የአንድ ሰው ነው፤ ያነሣውም ሰው አለ። ፊቱ ስለተቆረጠ ማንነቱ የማይታወቅ ይመስለናል፤ ሆኖም ቀለበቱ፣ የእጁ ጠባሳ ወይም አቋቋሙ ለሚያውቀው ሰው ይናገራል። ቀላሉ መንገድ የስቱዲዮውን ሱፍ ለባልደረባችን አልብሰን፣ በሠርጉ ፎቶ ላይ ብርሃኑ በሚመጣበት አቅጣጫ አቁመን፣ ፈቃዱን አስፈርመን ራሳችን ማንሣት ነው። የወዳጅየውን እጅ ደግሞ በአባትየው ትከሻ ላይ ትተን መሄድ አይገባንም፤ ጋቢው ላይ የጣለውን ጥላ ጨምረን እናጥፋው፤ አለዚያ ባለቤቱ የማይታወቅ እጅ ሙሽራዋ አጠገብ ይቀራል።

ስለ ዕቃ በአጭሩ ልበል። የፋሲል ግንብ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ግንቡን ራሱን አንሥተህ ለሙሽሮች ጀርባ ብታደርገው የቅጅ መብት ጠያቂ የለብህም። ሌላው ባለሙያ ማልዶ ወጥቶ ያነሣውን የግንብ ፎቶ ግን ቆርጠህ ብትወስድ የወሰድከው የእርሱን ሥራ ነው። የልብስም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ የሀበሻ ልብስ ከሚሰፋ ባለሙያ ገጽ ላይ ጥልፉን ቆርጦ ላልለበሰችው ሙሽራ ማልበስ የአንሺውንም የልብስ ሰፊውንም ሥራ አብሮ መውሰድ ነው።

ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። በወረቀቱ ላይ ምስሉ ከየትኛው ፎቶ እንደተወሰደ፣ ከፎቶው ምን እንደሚወጣ፣ በአዲሱ ፎቶ ላይ ከማን ጎን እንደሚቆም፣ ልብሱ ወይም ሌላ ነገር ይቀየር እንደሆነ፣ በስንት ቅጂና በምን መጠን እንደሚታተም ይጻፍ። በስቱዲዮው መስኮት ወይም በገጻችን ላይ እናወጣው እንደሆነ ደግሞ ለብቻው ተጽፎ ለብቻው ይፈረም፤ ለአልበም የተሰጠ ፈቃድ ለመስኮት አያገለግልም። ባለምስሉ ያለ ፈቃዱ የተለጠፈ ፎቶ እንዲወርድ የመጠየቅ መብት አለው፤ አንቀጽ 29 ፍርድ ቤት ለጣፊው ያገኘውን ጥቅም ያህል እንዲከፍል ሊያዝ እንደሚችል፣ ሲጠየቅ ወዲያው ካላወረደም የሕሊና ጉዳት ካሳ ሊጨመርበት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ይህን አውርድልኝ» ሲለን ክርክሩን ወደ ኋላ አድርገን መጀመሪያ እናውርድ።

በታተመው ፎቶ ጀርባ ላይም የአባትየው ምስል በየትኛው ዓመት ጥምቀት ከተነሣ ፎቶ እንደተወሰደና ማን እንዳነሣው ይጻፍ። አለዚያ የልጅ ልጆቻቸው አያታቸው በሠርጉ ላይ ተገኝተው ነበር ብለው ያምናሉ፤ የቤተሰቡ የዘመን ቁጥር በእኛ እጅ ይዛባል።

አንሺው ባይገኝ ወይም አልፈቅድም ቢል ሌላ መንገድ አለ። ቤተሰቡ በየሳጥኑ ያለውን አልበም ይፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ዘመድ በስልኩ ያነሣውና እሺ የሚልበት ፎቶ ይገኛል። እሱም ከጠፋ ትእዛዙን በአክብሮት እንመልሰው።

ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጥምቀት የምናነሣ ሁላችን ፎቶውን ከመለጠፋችን በፊት በፋይሉ መረጃ ውስጥ Creator እና Copyright Notice በሚሉት ቦታዎች ስማችንን እንሙላ፤ ማኅበራዊ ገጾች ይህን መረጃ ብዙ ጊዜ ስለሚያጠፉት ስምና ስልካችንን በፎቶው ጥግ ላይም በትንሹ እንጻፍ። ያረፈ ዘመዱን ፍለጋ ለሚደውልልን ሰው ፋይሉን በምን ሁኔታና በምን ዋጋ እንደምንሰጥም ዛሬ ከመለያየታችን በፊት እንነጋገርበት። ውይይቱን ለመክፈት መድረኩን ለሰብሳቢያችን እለቃለሁ፤ ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።