የዲጄ ቋንጣን ብር ማን በላው?

ሰላም፦ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ መድረክ ስም ነው የምናወራው። ዘፋኝ ወይ ዜማ ደራሲ በቅጽል ስም ሲሠራ ሮያሊቲው፣ ሥራው ሲሰማ የሚከፈለው ብር፣ እንዴት አድርጎ እሱው ኪስ ይገባል? ይሄን የሚያስረዳን የሰርግ ቤቱ ኮከብ ዲጄ ቋንጣ…

ብሩክ፦ ኧረ ተይ በናትሽ! ገና ሳንጀምር?

ሰላም፦ አድማጭ ማወቅ አለበታ።

ብሩክ፦ እሺ በቃ ልንገራቸው። ተማሪ እያለሁ እዚህ ዲሲ ሰርግ ላይ ሙዚቃ አጫውት ነበር። ያኔ ቀጭን ነኝ፣ ነፋስ የሚወስደኝ ዓይነት። አንዱ ሚዜ ሞቅ ብሎት "ይሄን ቋንጣ ከየት አመጣችሁት?" አለ። ተለጠፈብኝ።

ሰላም፦ አሁን ግን ቋንጣው…

ብሩክ፦ አሁን ፍርፍር ሆኗል፣ እሺ? ይለፈን። ጉዳዩ ግን እዚሁ ነው ያለው። አንድ ሰርግ ፍላየር ላይ DJ Quanta ተብሎ ታተመ። ሌላው ላይ DJ Kwanta። አንዷ ደግሞ Quwanta ብላ ጻፈችኝ። እኛ በአማርኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰው ነው የሚያየው።

ሰላም፦ ሦስት ቋንጣ። ጥሩ ወጥ ይወጣዋል።

ብሩክ፦ ሳቂ አንቺ። ከዛ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሙዚቃ ሠርተን ስፖቲፋይ ላይ ልናወጣው በዲስትሪቢውተር ጫንነው፣ ዘፈን ተቀብሎ ወደ ስፖቲፋይ የሚያደርስልሽ ድርጅት ነው። ሲጫን "ይሄ አርቲስት ገጽ አለው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔም ስሜን አየሁና "አዎ" አልኩ። ለካ ያ ገጽ የሌላ ሰው ነው! በማግስቱ የኔ ዋሽንት ያለበት ሙዚቃ የማላውቀው ሰው ፎቶ ሥር ተቀምጧል።

ሰላም፦ ስለዚህ ብርህን በላው።

ብሩክ፦ እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት! ግን አልበላም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዲስትሪቢውተሩ የሚመጣው ብር ዘፈኑን ወደጫነው አካውንት ነው የሚሄደው፣ ገጹ ላይ የተለጠፈው ፎቶ የማንም ይሁን። እሱ የወሰደብኝ አድማጮቼን ነው። ለዲስትሪቢውተሩ ጻፍኩ፣ የራሴን ገጽ ሊንክ ላኩ፣ ተዛወረልኝ። አለቀ። እውነተኛው ጣጣ ሌላ ቦታ ነው።

ሰላም፦ የት?

ብሩክ፦ ዜማና ግጥም ላይ። የአክስቴን ልጅ ታውቂዋለሽ አይደል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን?

ሰላም፦ ዘፋኙን። የሰርጌ ዕለት አርፍዶ የመጣው።

ብሩክ፦ እሱን ተይው አሁን። ዘፈን አወጣ። ግጥሙ የራሱ ነው፣ ዜማው ግን የአንድ ትልቅ ሰው ነው። ጋሼ ድሮ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ኪቦርድ ይጫወቱ ነበር፣ ሁሉም ሰው "ሻምበል" ነው የሚላቸው። እውነት ለመናገር እኔም ስማቸውን ያወቅኩት ይሄ ነገር ሲመጣ ነው። ልጁ ቢ ኤም አይ የሚባለው፣ ለዜማና ግጥም ደራሲዎች ሮያሊቲ የሚሰበስበው ድርጅት አባል ነው። ዘፈኑን ሲያስመዘግብ ግጥም ለራሱ 50 በመቶ፣ ዜማ ለሳቸው 50 በመቶ ብሎ ሞላ።

ሰላም፦ ጨዋ ነው። ስንቱ ነው የሰው ዜማ በራሱ ስም የሚያስመዘግበው።

ብሩክ፦ ጨዋ ነው፣ ግን ደራሲ በሚለው ቦታ የጻፈው Shambel ብቻ ነው። ከዛ በኋላ የሱ ድርሻ መጣ፣ የሳቸው የለም። ልጁ ደግሞ ተሳቀቀ። ጋሼ አፍ አውጥተው አይናገሩም፣ ግን "ልጄ፣ ሬዲዮ ላይ ሰማሁት፣ ደስ ይላል" ይሉታል። ገባሽ?

ሰላም፦ ኧረ በደንብ! "ደስ ይላል" ማለት "ብሩስ?" ማለት ነው።

ብሩክ፦ እናም ቁጭ ብለን ፈለግን። ሶንግቪው የሚባል የቢ ኤም አይና እንደሱው ያለ ድርጅት የሆነው የአስካፕ የጋራ መፈለጊያ አለ፣ ማንም ገብቶ ያየዋል። የልጁ ስም አጠገብ አይ ፒ አይ የሚባል፣ ደራሲው ማን እንደሆነ የሚለይ ቁጥር አለ። የጋሼ አጠገብ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ ነው በሽታው። ስም ብቻ ተጽፎ ቁጥር ከሌለ ብሩ ማንን እንደሚፈልግ አያውቅም። ዓለም ላይ ስንት ሻምበል አለ?

ሰላም፦ ታዲያ መጀመሪያውኑ በእውነተኛ ስም መሥራት ነዋ! እኔ ቅጽል ስም የሚባለውን ነገር ነው የማልወደው።

ብሩክ፦ አይሆንም። ስንት ተስፋዬ፣ ስንት አበበ አለ? ደግሞ አቤል ተስፋዬን እይው፣ ያን የመሰለ ስም እያለው The Weeknd ነው ያለው፤ ያቺን e የጣላት ራሱ The Weekend የሚባል የካናዳ ባንድ ስለነበረ ነው። አንዲት ፊደል!

ሰላም፦ እሱ The Weeknd ስለሆነ ነው። አንተ ቋንጣ ነህ።

ብሩክ፦ ቆይ ልጨርስ። የጋሼ ጉድ እውነተኛ ስማቸው ላይ ነው የወጣው። አባታቸው ገብረ ሚካኤል ናቸው። ግሪን ካርዱ ላይ ማን እንደሞላው አይታወቅም፣ Gebre መሃል ገብቶ የቤተሰብ ስማቸው Michael ሆኗል። ባንክ ደግሞ Gebremichael ተያይዞ ነው ያለው። በዛ ላይ ሻምበል። በሦስት ስም ነው የሚኖሩት።

ሰላም፦ ወይ ጉድ። የኔም እኮ በአያቴ ስም ነው ያለው።

ብሩክ፦ የብዙዎቻችን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባንክ ሄደው አካውንቱን እንደ ግሪን ካርዱ አስተካከሉ። ከዛ በዚያው ሕጋዊ ስም እሳቸውም እንደዚህ ያለ ድርጅት ውስጥ በደራሲነት አባል ሆኑ። የግብር ቅጹም ላይ፣ ደብሊው 9 የሚሉት፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚገባው ግብር ቢሮ የሚያውቀው ስም ነው። ሻምበል እዛ አይገባም። ከዛ በኋላ ነው "ሻምበል" እንደ ተለዋጭ ስም የተጨመረው። ለየስሙ የየራሱ አይ ፒ አይ ቁጥር ይሰጣል፣ ግን ሁለቱን ሥር ላይ የሚያስር አንድ ቁጥር አለ። ሲስተሙ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቀው በሱ ነው።

ሰላም፦ ስለዚህ ሻምበልነታቸው አልቀረም።

ብሩክ፦ አልቀረም! ዘፈኑ ላይ ሻምበል ተብሎ ይጻፋል፣ ቼኩ በሕጋዊ ስማቸው ይመጣል። መጨረሻ ላይ ልጁ ምዝገባውን ከፍቶ በባዶው ቦታ ቁጥራቸውን አስገባ።

ሰላም፦ እኔ አሁንም በራስ ስም ነው የምለው።

ብሩክ፦ አንቺ የአያትሽን ስም አስተካክለሽ ነይና እናወራለን።

ሰላም፦ እሺ እሺ። ግን ይሄ ሁሉ የደራሲ ነው። ዘፋኙስ? የሚያቀነቅነው እሱ አይደል?

ብሩክ፦ ጥሩ፣ እሱን ልረሳው ነበር። ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባል አለ፣ ከሳተላይት ሬዲዮና ከኢንተርኔት ሬዲዮ ብር ሰብስቦ የሚያከፋፍል። ስፖቲፋይ ላይ መርጠሽ የምትሰሚውን አይጨምርም። ከ100 ዶላር 50ው የቅጂው ባለቤት ነው፣ 45ቱ የዘፋኙ፣ 5ቱ አጃቢ ሙዚቀኞች ለሚከፈሉበት ፈንድ። የአክስቴ ልጅ ዘፋኝ ብሎ በመድረክ ስሙ ተመዝግቦ 45ቱን ይወስዳል። ስቱዲዮውን ማን ከፈለ? እሱ። ቅጂው የማን ነው? የሱ። ግን የባለቤትነቱን አልተመዘገበም!

ሰላም፦ ሃምሳውን ትቶ?

ብሩክ፦ ሃምሳውን ትቶ። ሁለት ጊዜ መመዝገብ አለበት፣ አንዴ እንደ ዘፋኝ፣ አንዴ እንደ ባለቤት። ብነግረው "አንዴ ተመዝግቤያለሁ እኮ" አለኝ። እስከ አሁን አልሞላም።

ሰላም፦ ሰርጌ ላይ ያረፈደ ሰው ቅጽ ላይ ባያረፍድ ነበር የሚገርመኝ። አንተስ፣ ዲጄ ቋንጣ ተመዝግቧል?

ብሩክ፦ …በQ ይሁን በK ገና አልወሰንኩም።