የተዘጋ መስሪያ ቤት ደብዳቤ ከየት ይመጣል?

ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም መጣችሁ። የኦዲት ሪፖርቱ በኋላ ይደርሳል፣ እኔ ሁላችሁም የምትጠይቁኝን ልናገር፦ የሰራሁበት ድርጅት የለም፣ ጡረታ ቢሮ ደግሞ የአገልግሎት ማረጋገጫ አምጣ ይለኛል፣ ማን ይጻፍልኝ?

የአንድ አባላችንን ጉዳይ ላንሳ። ማተሚያ ቤት ነው የሰራው፣ ድርጅቱ ተሸጠ፣ ገዢው ስሙን ቀየረው፣ ከዛ እሱም ከሰረ። አባላችን መጀመሪያ ድሮ ወደሚሰራበት ህንፃ ሄደ፣ እዛ ያሉት አዲስ ተከራዮች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ? መሄድ የነበረበት ወደ ንግድ ምዝገባ ነው። የድርጅቱ ፋይል ላይ ለማን እንደተሸጠ፣ መቼ እንደተሰረዘና ሲዘጋ ንብረቱንና ዕዳውን እንዲያጣራ የተሾመው ሒሳብ አጣሪ ማን እንደሆነ ተጽፎ ተገኘ። ድርጅት ሲፈርስ ወረቀቱ አብሮ አይፈርስም፣ ወይ ተተኪው ጋር ነው፣ ወይ አጣሪው ጋር፣ አንዳንዴም መዝገብ ቤት ገብቷል።

አጣሪው ጋር የድሮ ፔይሮል ተገኘና ደብዳቤ ተጻፈለት። ጡረታ ቢሮ ግን መለሰው! ለምን ብትሉ፣ ደብዳቤው «በድርጅቱ ለበርካታ ዓመታት አገልግሏል» ነው የሚለው። በዚህ ማንም አበል ሊያሰላ አይችልም። የተቀጠረበትና የለቀቀበት ቀን ከነወሩ፣ የስራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወጣበት ጊዜ ካለ እሱም መጻፍ አለበት። አጣሪው ደግሞ ሰውየውን አያውቀውም፣ ስለዚህ ደብዳቤው «በእጃችን ባለው የደመወዝ መዝገብ መሰረት» ብሎ መነሻውን መናገር አለበት፣ የመዝገቡ ኮፒ ተያይዞ፣ አጣሪ ሆኖ የተሾመበት ወረቀትም አብሮ። ያለዚያ ፈራሚው በምን ስልጣን ነው ይባላል፣ እውነታቸውን ነው።

ሌላ ችግር ደግሞ መጣ፣ የመጨረሻው ዓመት ፔይሮል ጠፍቷል። እዚህ ላይ አጣሪው ያላየውን ዓመት ጨምሮ እንዲጽፍ መለመን አያስፈልግም፣ ሀሰተኛ ሰነድ ነው የሚሆነው። አባላችን የባንክ ስቴትመንቱን አወጣ፣ ደመወዙ በየወሩ ከድርጅቱ ስም ሲገባ ይታያል፣ የስንብት ደብዳቤውም ቤት ተቀምጦ ነበር፣ ሁለቱ ተደምረው ክፍተቱን ሞሉት። በነገራችን ላይ ከሁሉ በፊት የጡረታ ቢሮውን የራሱን የመዋጮ መዝገብ ጠይቁ፣ መዋጮው ገቢ ከተደረገ አንዳንዱ ዓመት ደብዳቤም ላያስፈልገው ይችላል፣ የሚጎድለውን ብቻ ትፈልጋላችሁ። የስራ ባልደረባ ምስክርነት መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ብቻውን ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ መስካሪው እዛው መስራቱን የሚያሳይ የራሱ ወረቀት ካለው ግን ይረዳል።

ስማችሁ ፔይሮሉ ላይ በአንድ ፊደል እንኳን ከመታወቂያችሁ ከተለየ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ለአጣሪው ንገሩት፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑ እዛው ላይ ይገለጽ።

አንድ ድርጅት የሰራችሁ ሰዎች በሻይ ሰዓት ተገናኙ፣ ፀሐፊያችን ጋር ተመዝገቡና አጣሪውን ማህበሩ በአንድ ደብዳቤ ይጠይቅላችኋል። በሉ ስብሰባው ተከፍቷል፣ ወደ ኦዲት ሪፖርቱ እንሂድ።