«ተጨማሪ መረጃ ላኩልኝ» ሲሉን ምን እንላክ?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። የማወራውም ስለ አንዲት አጭር መልስ ነው። አዲስ ደንበኛ ፍለጋ ለማታውቁት መሥሪያ ቤት ትጽፋላችሁ ወይ ትደውላላችሁ፤ «እሺ፣ ተጨማሪ መረጃ ላኩልኝ» ይሏችኋል። ሽያጭ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

እኔ የፔሮል ሶፍትዌር ነው የምሸጠው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም፣ ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ መካከለኛ ድርጅቶች ናቸው። በዚህ አካባቢ ብዙ ሽያጭ የሚሞተው «አንፈልግም» ተብሎ አይደለም፤ «ላኩልኝ» ተብሎ፣ ተልኮ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ሲባል ነው።

ለምን ይሞታል? «ላኩልኝ» ስንባል ደስ ይለንና የድርጅቱን ፕሮፋይል እንልካለን። ሃያ ምናምን ገጽ ፒዲኤፍ፣ መጀመሪያው ላይ የሥራ አስኪያጁ መልእክት፣ ቀጥሎ ራዕይና ተልዕኮ፣ ቀጥሎ የደንበኞች አርማ። የተላከለት ሰው ስልኩ ላይ ይከፍተዋል፣ ሁለት ገጽ ያያል፣ «ቢሮ ስገባ በደንብ አየዋለሁ» ይላል። አያየውም። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እሱ በልቡ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፣ እኛ የላክንለት ግን የሁሉንም ሰው ጥያቄ የሚመልስ ነገር ነው። ከሦስት ቀን በኋላ እኛ ጋ የሚቀረው ወሬ «አዩት ወይ?» ብቻ ይሆናል። «አዩት ወይ?» ደግሞ ሰውየውን ይቅርታ ያስጠይቀዋል እንጂ አያስወራውም። ይቅርታ መጠየቅ የሰለቸው ሰው ስልክ ማንሳት ያቆማል።

እኔ እንደማምነው፣ «ላኩልኝ» ስንባል መላክ ያለብን የሚያስመልስ ነገር ነው። ትንሽ መረጃ ከአንድ ቀላል ጥያቄ ጋር። አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ የመለዋወጫ አስመጪ ድርጅት አለ። ሠራተኞቹ ሰማንያ ገደማ ይሆናሉ፣ መጋዘን አላቸው፣ ሹፌሮችና ጥበቃዎች አሏቸው። ለፋይናንስ ኃላፊዋ ማክሰኞ ጠዋት በቴሌግራም ጻፍኩላቸው። ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ «ጥሩ። ተጨማሪ መረጃ ላኩልኝ» የሚል መልስ መጣ። ከምሳ በፊት መለስኩ። ፍጥነቱ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ነገሩ ገና በአእምሯቸው አለ፣ ማታ ላይ ግን ባንክ ሄደው፣ ጉምሩክ ደውለው፣ ተረስቷል።

የጻፍኩት ይኸውና፦ «ጤና ይስጥልኝ። ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። ብዙ ገጽ ልኬ እንዳላደክምዎ፣ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ብቻ ሠርቼ አንድ ገጽ አያይዣለሁ። ለእናንተ ቤት የሚሆነውን ለይቼ እንድልክ አንዲት ነገር ይንገሩኝ፤ በየወሩ ይበልጥ ጊዜ የሚወስድብዎ የግብርና የጡረታ ስሌቱ ነው ወይስ የትርፍ ሰዓቱ? መልስዎን እንዳየሁ ነገ ጠዋት እልክልዎታለሁ።»

በዚያች አንድ ገጽ ላይ ምን ነበረ? 12,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ እርከን በእርከን ይሰላል። ለዚህ ሠራተኛ ግብሩ 2,250 ብር ይመጣል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር። ከታች ድርጅቱ የሚጨምረው 11 በመቶ፣ 1,320 ብር። አለቀ። ይህን የመረጥኩት የፋይናንስ ሰው ካልኩሌተር አውጥቶ ማረጋገጥ ስለሚችል ነው። «ሥርዓታችን አስተማማኝ ነው» ብዬ ብጽፍ ማንም አያምነኝም፤ ቁጥሩን ራሳቸው ደምረው ሲገጥምላቸው ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጥያቄዋን ደግሞ ልብ በሉልኝ። «ምን ዓይነት ችግር አለባችሁ?» አላልኩም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ድርሰት ይጠይቃል፣ ደግሞም ለማያውቁት ሰው የቤትን ጉድ ማውጣት ማን ይወዳል? ሁለት ምርጫ ሰጠሁ፤ መልሱ በአንድ ቃል፣ ታክሲ ውስጥም ሆነው የሚጻፍ። ቀጠሮም በዚያ መልእክት አልጠየቅኩም። በዚህ ላይ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላቸው አሉ፣ ወዲያው ቀን አስቆርጥ የሚሉ። በእኛ አገር ግን ያልተዋወቀ ሰው ወዲያው ቀጠሮ ሲጠይቅ «እኔ እደውላለሁ» ይባልና በሩ በትህትና ይዘጋል። መጀመሪያ አንዲት መልስ ከተቀበልን ግን እየተነጋገርን ነው ማለት ነው። የሚቀጥለውን ሥራ ደግሞ እኔው ወሰድኩት፤ «ነገ ጠዋት እልካለሁ» ብያለሁና መጻፌ ጭቅጨቃ አይሆንም።

ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፦ «የትርፍ ሰዓቱ። በተለይ የጥበቃዎቹ።»

እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5። ጥበቃ ላይ የሚያስቸግረው አንዱ ፈረቃ ድንበሩን መሻገሩ ነው። የሰዓት ክፍያው 30 ብር የሆነ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ቢሠራ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት 90 ብር፣ የኋለኞቹ ሁለት 105 ብር፣ በድምሩ 195 ይሆናል። ኤክሴል ላይ አራቱን ሰዓት በአንድ ማባዣ የሚያሰላ ቤት ወይ 180 ይከፍላል ወይ 210። በወር ሲደመር ወይ ጥበቃው ቅሬታ ይዞ ይመጣል፣ ወይ ድርጅቱ ሳያውቅ ይከስራል። በማግስቱ ጠዋት የላክሁት ይህንኑ ነው፤ አንድ ጥበቃ፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት መስመር። ከሥሩ «ሐሙስ ወይስ ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ዐሥር ደቂቃ በስልክ ብንነጋገር ይመችዎታል?» ብዬ ጨመርኩ። ሐሙስን መረጡ።

ስልኩ ላይ ስለ ሶፍትዌሩ ብዙም አላወራሁም። የጠየቅኩት «ይህን ለመወሰን ሌላ ማን ማየት አለበት?» ብዬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ናቸው አሉኝ። «እርሳቸው መጀመሪያ ምን ይጠይቃሉ?» ስላቸው፣ «ዋጋውን፣ ከዚያ ደግሞ ያለን የኤክሴል ሰነድ ምን እንደሚሆን» አሉ። ይህ ወርቅ ነው። ብዙ ጊዜ «ላኩልኝ» የሚለን ሰው ለራሱ አይደለም የሚፈልገው፤ ለአለቃው የሚያሳየው ወረቀት ይፈልጋል። የምንልከው ነገር እኛ በሌለንበት ክፍል ውስጥ ይነበባል፣ የሚያስረዳውም ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ግማሽ ገጽ አዘጋጀሁ፤ ዋጋው በዓመት ስንት እንደሆነ፣ የድሮው ሰነድ እንዴት እንደሚገባ፣ እና አንድ ሐሳብ፦ የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ በሁለቱም እንሥራው፣ በኤክሴሉም በእኛም፤ ልዩነት ከመጣ አብረን መስመር በመስመር እንፈልገው። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ተስማሙ፤ ውሉ የተፈረመው የሁለቱ ድምር ከተያየ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ዓይነት ልምጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ልንለየው ስለሚገባ። «ፕሮፎርማ ላኩልኝ» የሚለው ነው። ብዙ ድርጅቶች ግዥ ከመፈጸማቸው በፊት ሦስት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ደንባቸው ነው። አንዳንዴ የሚገዙት ቤት ቀድሞ ተመርጧል፣ እኛ የምንፈለገው ለማሟያ ነው። ምልክቱ አለው፤ ማኅተም ያለበት ይሁን ይላሉ፣ ዛሬውኑ ይላሉ፣ ስለ ራሳቸው ሠራተኞች ግን አንድም ነገር አይጠይቁም። ዝርዝሩም አንዳንዴ የሌላ አቅራቢ ዕቃ መግለጫ ቁርጥ ሆኖ ይመጣል። እኔ በዚህ ጊዜ እደውልና «የትርፍ ሰዓት ስሌት ይጨምር ወይስ አይጨምር? ዋጋው ይለያያል» እላለሁ። የእውነት የሚፈልግ ሰው «ቆይ ልጠይቅ» ይላል። ለማሟያ የሚፈልግ «ዝም ብለህ ላክ» ይላል። ያኔ ፕሮፎርማውን በትህትና እልካለሁ፣ ከምጠብቃቸው ዝርዝር ውስጥ ግን አላስገባውም። ለሦስት ሳምንት ተስፋ ይዞ መጠበቅ ሌላውን ደንበኛ ያስረሳል።

ዝምታስ? ቴሌግራም ላይ ሁለቱ ምልክት መጥቶ፣ ማለትም ተነብቦ፣ መልስ ከሌለ ሁለት የሥራ ቀን እጠብቃለሁ። አንዱ ምልክት ብቻ ከሆነ አልተከፈተምና ጽሑፍ ከመደራረብ መደወል ይሻላል። ስጽፍ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይዤ ነው፤ ሌላ አጭር ምሳሌ፣ ወይም ዕረፍት ላይ ያለ ሠራተኛ እንዴት እንደሚሰላ። ቀኑንም አያለሁ። ፔሮል ለሚሠራ ሰው ከወሩ 20 እስከ 30 ድረስ ራስ ማዞሪያ ጊዜ የለውም፤ በዚያን ጊዜ የሚላክ መልእክት ቢነበብም አይመለስም። ወር በገባ በአራተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ግን ድካሙ ገና ትኩስ ነው፤ «ያለፈው ወር የጥበቃዎቹ ሰዓት እንዴት ሆነላችሁ?» የምትል አንዲት መስመር ያን ሳምንት ትመለሳለች።

ያም ሆኖ ዝም ካሉ፣ የመጨረሻ መልእክት እልካለሁ። «ለጊዜው ይህ ጉዳይ ቅድሚያ የሚሰጡት እንዳልሆነ ተረድቻለሁ፣ ከአሁን በኋላ አላስቸግርዎትም። በሰኔ የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ አንድ ጊዜ ልጠይቅዎት ወይስ ልተወው?» ይላል። ብዙ ሰው መልስ የሚሰጠው ለዚህኛው ነው፤ «ተወው» ቢሉኝ ስማቸውን ከዝርዝሩ አወጣለሁ፣ «በሰኔ» ካሉኝ ቀኑን ካላንደሬ ላይ እጽፋለሁ።

ለዛሬ ይኸው ነው። የተላከላችሁን «ላኩልኝ» በድምፅ መልእክት አጋሩኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል ጥቂቶቹን አብረን እናያቸዋለን። ደህና ሁኑ።